የእናቴ የአክሲዮን ትርፍ ድርሻና የቁጠባ ወለድ፦ ከምንጩ የተቀነሰው ግብር በቂ ነው ወይስ ከሌላ ገቢ ጋር ይደመራል?

የሰሚት ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት የተያያዙ ጉዳዮች ስላሉብኝ የምታውቁ እንድታግዙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሁለቱም የሚመለከቱት የ2015 በጀት ዓመትን ነው።

የመጀመሪያው የእናቴ ነው። እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ስትሆን፣ ከአባቴ የወረሰችው የባንክ አክሲዮን አላት። በዚያ ዓመት 48,000 ብር የትርፍ ድርሻ ተመድቦላት ባንኩ 4,800 ብር ቀንሶ 43,200 ብር በሒሳቧ አስገብቶላታል። በሌላ ባንክ ደግሞ 300,000 ብር የቁጠባ ገንዘብ አላት፤ በ7 በመቶ የሚታሰበው ወለድ በየወሩ 1,750 ብር ሲሆን፣ በመግለጫው ላይ ከሥሩ 87.50 ብር «ግብር» ተብሎ ይቀነሳል። ከጡረታዋ በቀር ሌላ ገቢ የላትም፤ ጡረታዋም ግብር አይከፈልበትም። አንድ ዘመዳችን «ገቢዋ አነስተኛ ስለሆነ አሳውቃችሁ የተቀነሰውን ማስመለስ ትችላላችሁ» አለን። እውነት ነው?

ሁለተኛው የወንድሜ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አለው፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው። ሒሳብ የሚሠራለት ሰው ከባንክ ያገኘውን 18,000 ብር ወለድ «ልዩ ልዩ ገቢ» በሚል ከመደብሩ ትርፍ ጋር ደምሮ አሳውቋል። ባንኩ ግን ከዚሁ ወለድ 900 ብር አስቀድሞ ቀንሷል። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ይሆን የሚል ስጋት አድሮብናል።

---

ጣና ዳር

እንኳን ደህና መጡ እህቴ። በእኔ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። ከምንጩ የሚቀነስ ግብር ሁሉ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ዕቃ ለድርጅት ስንሸጥ 2 በመቶ ይቀነስብንና ደረሰኙን ይዘን በዓመቱ መጨረሻ ከሚፈለግብን ግብር ላይ እናቀናንሳለን። ስለዚህ የወንድምሽ ሒሳብ ሠራተኛ ወለዱን መደመሩ ትክክል ነው፤ ስህተቱ 900 ብሩን እንደተከፈለ ግብር አለማቀናነሱ ብቻ ነው። እናትሽም በዚሁ መንገድ አሳውቀው፣ ግብራቸው ከተቀነሰው ካነሰ ልዩነቱን ይጠይቁ።

---

የመዝገብ ሰው

ጣና ዳር ስለ 2 በመቶው የተናገሩት በዚያ ዓመት ለነበረው አሠራር ልክ ነው። ዕቃና አገልግሎት ሲሸጥ የሚቀነሰው የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ቅድሚያ ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ ይቀናነሳል። የትርፍ ድርሻና የወለድ ግብር ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ስም «ዊዝሆልዲንግ» ስለሚባሉ ይምታታሉ። እኔ በሒሳብ ሥራ ላይ ለረጅም ዓመታት የቆየሁ ሲሆን፣ ይህ መምታታት በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ያጋጥመኛል።

በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የግለሰብ ገቢ በሠንጠረዥ ይከፈላል፤ ደመወዝ በ«ሀ»፣ የቤት ኪራይ በ«ለ»፣ የንግድ ሥራ በ«ሐ»፣ ሌሎች ገቢዎች በ«መ»። የትርፍ ድርሻና ወለድ የሚገኙት በ«መ» ነው። ለተጠየቀው ዓመት የትርፍ ድርሻ 10 በመቶ፣ በፋይናንስ ተቋም የተቀመጠ ቁጠባ ወለድ 5 በመቶ፣ ከዚያ ውጪ ያለ ወለድ ደግሞ 10 በመቶ ነበር። ከፋዩ ባንክ ይህን ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው ካስገባ በኋላ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ የተከፈለው የመጨረሻ ግብር ነው። ገቢው ወደ ሌላ ሠንጠረዥ አይገባም፣ ግብሩም ከሌላ ግብር ጋር አይቀናነስም። አሠራሩ አዲስም አይደለም፤ ከዚያ በፊት በሥራ ላይ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 286/1994 ዘመንም የትርፍ ድርሻ በ10፣ የተቀማጭ ወለድ በ5 በመቶ ይታሰብ ነበር።

ስለዚህ እናትዎ ስለ እነዚህ ሁለት ገቢዎች ማሳወቂያ አይሞሉም፣ ተመላሽም አይጠይቁም። የወንድምዎ ጉዳይ ግን ከባድ ስህተት አለበት፤ ቁጥሩን ጥቂት ቆይቼ እሠራዋለሁ።

አንድ ነገር ላስታውስ። 979/2008 በ2017 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። እኔ የምጠቅሳቸው ተመኖች የ2015ን ክፍያ የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያሰላ ሰው ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን የሚሠራውን ተመን ከማሻሻያው ላይ ይውሰድ።

---

ቡልቡላ

ይህ እኮ ፍትሐዊ አይደለም። አንዲት ጡረተኛ መምህርት 10 በመቶ፣ በወር መቶ ሺህ ብር የሚከፈለው የድርጅት ሥራ አስኪያጅም 10 በመቶ! ቢያንስ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ገቢውን ደምሮ በንግድ ሥራው ሰንጠረዥ እንዲከፍል ምርጫ ሊሰጠው ይገባል። 7,200 ብር እኮ በዚያ ዓመት ከግብር ነጻ ነበር።

---

የመዝገብ ሰው

ቡልቡላ ያነሱት ጉዳይ መታየት ያለበት ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያ በቁጥር እንሞክረው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠብቀውና ስሌቱ የሚያሳየው አይገጥሙም።

የእናትዎ የትርፍ ድርሻ 48,000 ብር፣ የዓመት ወለዳቸው 21,000 ብር፣ ድምሩ 69,000 ብር ነው። ከምንጩ የተቀነሰው 4,800 እና 1,050፣ በጠቅላላው 5,850 ብር ነው። አሁን ሕጉ ምርጫ ሰጥቷቸዋል ብለን እናስብና በዚያ ዓመት ለግለሰብ ነጋዴ ይሠራ በነበረው ሰንጠረዥ እናስላው። 69,000 ብር ከ63,001 እስከ 93,600 ባለው መደብ ስለሚወድቅ 25 በመቶ ተባዝቶ 6,780 ብር ይቀነስለታል። 17,250 ሲቀነስ 6,780፣ 10,470 ብር ይሆናል። እንግዲህ ሌላ ግብር የሚከፈልበት ገቢ የሌላቸው እናት እንኳን ቢደምሩት ኖሮ 4,620 ብር ተጨማሪ ይከፍሉ ነበር። የመጨረሻው ግብር ጠቅሟቸዋል እንጂ አልጎዳቸውም።

መጎዳት የሚጀምረው የት ነው? የትርፍ ድርሻ ብቻ ላለውና ሌላ ገቢ ለሌለው ሰው፣ በሰንጠረዡ የሚመጣው ግብር ከ10 በመቶ የሚያንሰው ዓመታዊ ድርሻው ከ34,200 ብር በታች ሲሆን ነው። በ34,200 ብር ላይ 15 በመቶው 5,130 ሆኖ 1,710 ሲቀነስለት 3,420 ብር ይቀራል፤ ይህም ልክ አሥር በመቶ ነው። የቁጠባ ወለድ ብቻ ላለው ደግሞ መስመሩ 14,400 ብር ነው። ዓመታዊ ድርሻዋ 12,000 ብር ብቻ የሆነ አንዲት ሴት 1,200 ብር ይቀነስባታል፤ በሰንጠረዡ ቢሆን 480 ብር ትከፍል ነበር። 720 ብሩ ይቀርባታል፤ ሕጉም የምታስመልስበት በር አልከፈተላትም።

ቡልቡላ የሚሉትን በሌላኛው ጫፍ ስናየው ደግሞ ይበልጥ ይጎላል። ደመወዙ በወር ከ10,900 ብር በላይ ስለነበረ በመጨረሻው መደብ 35 በመቶ የሚከፍል ሰው ያንኑ 48,000 ብር የትርፍ ድርሻ ቢያገኝ 4,800 ብር ነው የሚቀነስበት። ቢደመርበት ኖሮ 16,800 ይሆን ነበር። የ12,000 ብር ልዩነት ለእሱ ይተርፋል። ትልቁ ጥቅም ያለው እዚያ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ከታች በጣም ጥቂት አክሲዮን ባላቸው ላይ ነው። እኔ በግሌ ለእነዚህ ጥቂት ብር ለሚያገኙት የመደመር ምርጫ ቢሰጥ እወዳለሁ፤ ለሁሉም ሰው ተደምሮ ይሰላ ማለት ግን ምን እንደሚያመጣ ጡረተኛዋን ማየት ይበቃል።

---

ባለ ማኅበሩ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። የትርፍ ድርሻ 10 በመቶ ብቻ የተከፈለበት ገቢ አይደለም። እኔ ከሁለት ዘመዶቼ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለኝ። በ2015 ተመን ማኅበሩ 100 ብር ሲያተርፍ 30 ብር የትርፍ ግብር ይከፍላል፤ የቀረውን 70 ብር ስንከፋፈል 7 ብር ይቀነሳል። እጄ የሚገባው 63 ብር ነው። 37 በመቶ ተከፈለ ማለት ነው። ያው መደብር በስሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከፍተኛው መደብ 35 በመቶ ነው። «ባለ አክሲዮን ተጠቀመ» ማለት ልክ አይደለም።

---

ቡልቡላ

ታዲያ ወለዱስ? በወለዱ ላይ ማን 30 በመቶ ከፈለ?

---

የመዝገብ ሰው

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ የምትናገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ገቢዎች ነው። ማኅበሩ የትርፍ ድርሻ የሚከፍለው ግብር ከከፈለበት ትርፍ ላይ ስለሆነ በዚያ ገንዘብ ላይ ግብር ሁለት ጊዜ አርፏል። ባንክ ለቆጣቢ የሚከፍለው ወለድ ግን ለባንኩ ወጪ ስለሆነ ከትርፉ ላይ ይቀነስለታል፤ በዚያ ገንዘብ ላይ የሚያርፈው 5 በመቶው ብቻ ነው። በእኔ አመለካከት ከሁሉ የቀለለው የቁጠባ ወለድ ነው እንጂ የትርፍ ድርሻ አይደለም። በእርግጥ ባለ ማኅበሩ የ37ቱን ስሌት ከ35ቱ ጋር ሲያወዳድሩ፣ ለግለሰብ ነጋዴ 35 በመቶው የሚመጣው ከ130,800 ብር በላይ ባለው ላይ ብቻ መሆኑን ያስታውሱ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለአነስተኛ ነጋዴ የበለጠ ይሰፋል።

---

ባለ ማኅበሩ

ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። እኛ ግብሩን ላለመክፈል ትርፉን ሳንከፋፈል ማኅበሩ ውስጥ ለማቆየት አስበን ነበር፤ የማይቻል ሆነ። ያልተከፋፈለ ትርፍም ዓመቱ ካለቀ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ካፒታል ካልሆነ 10 በመቶ ይታሰብበታል ተባልን። ያን ጊዜ ካፒታል አሳደግን፣ ቃለ ጉባኤውን አስመዘገብን።

---

ጣና ዳር

ስለ 2 በመቶው መምታታቴን አምናለሁ፤ አመሰግናለሁ። አሁን ግን የራሴን ጉዳይ ላንሳ፤ ምናልባት የመጨረሻው ግብር የሚጎዳበት ሌላ ቦታ ይህ ይመስለኛል። አክሲዮን የገዛሁት በብድር ነው። 300,000 ብር በ16 በመቶ ተበድሬ በዓመቱ 48,000 ብር ወለድ ከፍያለሁ። የትርፍ ድርሻው 60,000 ብር ሲሆን 6,000 ብር ተቀነሰብኝ። ከ60,000 ላይ ወለዱ 48,000፣ ግብሩ 6,000 ሲወጣ እጄ ላይ የቀረው 6,000 ብር ነው። ያተረፍኩት 12,000 ብር ሆኖ ሳለ ግማሹ በግብር ሄደ ማለት ነው። የብድሩን ወለድ ማስቀነስ አይቻልም?

---

የመዝገብ ሰው

አይቻልም። በሠንጠረዥ «መ» ግብሩ የሚሰላው በጠቅላላው ገቢ ላይ ነው፤ ወጪ አይቀነስም። የመጨረሻ ግብር ዋጋው ይህ ነው። ተመኑ ዝቅ ያለው በከፊል ወጪ ስለማይቀነስ ነውና አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። የእርስዎ 10 በመቶ ከተጣራው ትርፍዎ ጋር ሲነጻጸር 50 በመቶ ሆኗል፤ ቁጥሩ ትክክል ነው።

ሌላ የማስጠነቅቅዎ ነገር አለ። ብዙ ነጋዴዎች ይህን ሲያውቁ የአክሲዮኑን ብድር ወለድ በሱቁ ወጪ ውስጥ ያስገቡታል። ያ ወለድ የወጣው ለንግዱ ገቢ ስላልሆነ ኦዲተር ሲመጣ ይጥለዋል፤ ከግብሩ ጋር መቀጮና ወለድም ይከተላል። መለያው ቀላል ነው፤ የብድሩ ውል ላይ የብድሩ ዓላማ ተጽፏል፣ ገንዘቡ በዚያው ቀን ወደ አክሲዮን ሻጩ መሄዱም በባንክ መግለጫው ላይ ይታያል።

---

የሰሚት ልጅ

የእናቴ ጉዳይ ተፈታልኝ፤ በተለይ ስሌቱን በማየቴ። እንደ ተጎዳች አድርጌ አስብ ነበር። የወንድሜን ግን አደራ።

---

የመዝገብ ሰው

የወንድምዎን ስሌት እነሆ። የመደብሩ ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ወለዱን ሳይጨምር ስንት ነበር? ሒሳብ ሠራተኛው 18,000 ብሩን በጠቅላላ መጠኑ ነው የመዘገበው ወይስ ባንኩ ከቀነሰ በኋላ የቀረውን 17,100 ብር? 900 ብሩስ የት ተመዘገበ?

---

የሰሚት ልጅ

መዝገቡን አይቼዋለሁ። የመደብሩ ትርፍ 210,000 ብር ሆኖ ነበር፤ በወለዱ ምክንያት 228,000 ተብሎ ተሞልቷል። ወለዱ በ18,000 ተመዝግቧል። 900 ብሩ ደግሞ «በቅድሚያ የተከፈለ ግብር» በሚል ሒሳብ ተይዞ እስካሁን ሳይነካ ተቀምጧል።

---

የመዝገብ ሰው

ጥሩ፤ ይህ ከሁሉ የቀለለው መልኩ ነው። በ210,000 ብር ላይ 35 በመቶው 73,500 ሆኖ 18,000 ሲቀነስ 55,500 ብር ግብር ነበር። በ228,000 ብር ላይ ደግሞ 61,800 ብር ነው። ልዩነቱ 6,300 ብር ነው። ባንኩ የቀነሰው 900 ሲጨመር በዚህ 18,000 ብር ወለድ ላይ 7,200 ብር ተከፍሏል፤ ከወለዱ 40 በመቶ ማለት ነው። ሕጉ የሚፈልገው 900 ብር ብቻ ነበር።

ስህተቱ የመጣው ከሒሳብ አያያዙ አይደለም። ወለዱ በመዝገብ ላይ ገቢ ሆኖ መታየቱ ትክክል ነው፤ ሒሳቡ እውነቱን ማሳየት አለበት። ያልተደረገው ነገር ቢኖር ከሒሳብ ትርፍ ወደ ግብር ትርፍ ሲኬድ «በሠንጠረዥ መ ግብር የተከፈለበት ገቢ» በሚል 18,000 ብሩ መቀነስ ነበረበት። ይህ አንድ መስመር ነው የተዘለለው። ሒሳብ ሠራተኛው ወለዱን በ17,100 ብር መዝግቦት ቢሆን ኖሮ የሚቀነሰው 17,100 ይሆን ነበር። 18,000 ገቢ አድርጎ 900 ብሩን ወጪ አድርጎት ቢሆን ደግሞ 18,000 ተቀንሶ 900 ብሩ ተመልሶ ይደመር ነበር፤ ግብር ራሱ ወጪ ሆኖ አይያዝምና። በወንድምዎ መዝገብ ግን 900 ብሩ በቅድሚያ ክፍያ ሒሳብ ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ከዚያ አውጥተው በባለቤቱ ላይ የተከፈለ ግብር አድርገው ይዝጉት። በምንም መንገድ ከንግድ ግብሩ ጋር እንዳያቀናንሱት፤ ያ ሌላ ስህተት ይሆናል።

መፍትሔውን በተመለከተ፣ የታክስ አስተዳደር አዋጁ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋይ ራሱ ያሳወቀውን ስሌት እንዲስተካከልለት በጽሑፍ እንዲያመለክት ይፈቅድለታል፤ ጊዜውም ማሳወቂያውን ካስገባበት 5 ዓመት ነው። ስለዚህ የ2015 ጉዳይ አልዘገየም። ማመልከቻው የሚስተካከለውን መስመርና ምክንያቱን በግልጽ ይጥቀስ። አብረው የሚቀርቡት ማስረጃዎች ሁለት ናቸው፤ ወለዱና ተቀናሹ ጎን ለጎን የሚታዩበት የባንክ መግለጫ፣ እንዲሁም ባንኩ የቀነሰውን ግብር የሚያረጋግጥ ደብዳቤ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ተጽፎ። ደብዳቤውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ መለያ ቁጥር ሳይመዘገብ የተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ከሆነ በደብዳቤው ላይ ስሙ ብቻ ይወጣና መርማሪው ጥያቄ ያነሳል።

---

መንገደኛ

በእኔም ላይ ይህ ደርሷል። የማሳወቂያ ማስተካከያ አስገብቼ ስምንት ወር ጠበቅሁ፤ ውሳኔ የለም፤ በመጨረሻ ገንዘቡ በእጄ ሳይሆን ለሚቀጥለው ዓመት ግብር ይያዝልህ ተባልሁ። ጉዳዩ ልክ ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የወንድምሽ ሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ በፊት ያሉትንም ዓመታት ያያቸው።

---

የቤተሰብ ሰው ከቨርጂንያ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ዜግነቴም የአሜሪካ ነው። በትውልድ ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ በውጭ ምንዛሪ የባንክ አክሲዮን ገዝቼ የትርፍ ድርሻ እያገኘሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ 10 በመቶ ስለተቀነሰና «የመጨረሻ» ስለሆነ እዚህ ማሳወቅ አያስፈልገኝም ብዬ ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ። እዚህ የተጻፈውን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ልክ ነኝ ማለት ነው?

---

የመዝገብ ሰው

ለእኔ የኢትዮጵያው ብቻ ነው የሚታወቀኝ። «የመጨረሻ» የሚለው የኢትዮጵያን ግብር ነው የሚዘጋው፤ ሌላ አገር በራሱ ዜጋ ላይ የሚጥለውን አይዘጋም።

---

ዳዊት የግብር ዝግጅት

ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ አሜሪካ ግብር የማዘጋጅ ሰው ስለሆንኩ ልመልስልህ። አልክፈል ብለህ የተዘጋ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። አሜሪካ ዜጋዋንና ቋሚ ነዋሪዋን በዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ላይ ታስከፍላለች፤ የትርፍ ድርሻህ ከሌላው ገቢህ ጋር ይደመራል።

በቀላሉ እንየው። ድርሻህ 1,000 ዶላር ነበር፤ አዲስ አበባ 100 ተቀንሶ 900 ደረሰህ እንበል። እዚህ የምታሳውቀው 1,000 ነው፤ 900 አይደለም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ22 በመቶ መደብ ላይ ያለህ ሰው ከሆንክ የአሜሪካ ግብሩ 220 ዶላር ነው፤ አዲስ አበባ የከፈልከው 100 ዶላር በፎርም 1116 ይቀናነስልህና 120 ትከፍላለህ። ስለዚህ በአጠቃላይ 220 ይሆናል። «የረጅም ጊዜ ባለ አክሲዮን በ15 በመቶ ይከፍላል» የሚባለው ቅናሽ ለዚህ አይሠራም፤ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለና አክሲዮኑም በአሜሪካ ገበያ ስለማይሸጥ ነው። የክፍለ ግዛትህ ግብር ደግሞ ለብቻው ነው።

ሌላው ነገር በአዲስ አበባ ባንክ ያለህ ሒሳብ ነው። በውጭ አገር ያሉህ ሒሳቦች ድምር በዓመቱ በየትኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ በየዓመቱ ለብቻው የሚሞላ ማሳወቂያ አለ፤ ግብር ባይኖርብህም መሙላት አለብህ። ሁለቱን ዓመት የሚያስተካክሉበት መንገድ አለ፤ ከመጠየቃቸው በፊት በራስህ ብትቀርብ ይሻላል።

---

የቤተሰብ ሰው ከቨርጂንያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ ስለ መምህርቷ ስታወሩ ስለ እኔ መስሎኝ ነበር። ባንኩ የሚልክልኝ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ብቻ አለ፤ ጠቅላላ፣ ተቀናሽ፣ የተጣራ። ምንዛሪውን የየትኛውን ቀን ልጠቀም?

---

ዳዊት የግብር ዝግጅት

ድርሻው የተከፈለበትን ቀን ምንዛሪ ተጠቀም፤ ተቀናሹንም በዚያው ቀን ቀይረው። በዚያች ወረቀት ላይ ያሉት ሦስቱ ቁጥሮች ለፎርሙ በቂ ናቸው፤ ቀኑንም በእጅህ ጻፍበትና አስቀምጣት።

---

ቡልቡላ

ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስና፣ አሜሪካ መደመሩን ትሠራበታለች ማለት ነው። እኛ አገር ግን ከ1994 ጀምሮ እንኳ እንዲሁ ነው። ለምን?

---

የመዝገብ ሰው

አንድ ምክንያት አያለሁ፤ ሙሉ መልስ ነው ብዬ ግን አልገፋም። አንድ ባንክ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ባለ አክሲዮኖችና ከዚያ በላይ ቆጣቢዎች አሉት። እነዚህ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ማሳወቂያ እንዲሞሉ ከማድረግ ይልቅ ባንኩ በአንድ ጊዜ ቀንሶ ማስገባቱ ለሰብሳቢውም ለከፋዩም ይቀላል። መደመር ይሁን ከተባለ የሰሚት ልጅን እናት የመሰሉ ሁሉ ወረፋ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹም ሳያሳውቁ ይቀራሉ።

በሌላ በኩል ግን የ12,000 ብሩን ሴት አልረሳኋትም። ለእሷ የማስመለስ መብት መስጠት ለሌላው የመሙላት ግዴታ ማምጣት አያስፈልገውም። የምትፈልግ ብቻ ታሳውቃለች።

---

ቡልቡላ

እሷ 720 ብር ለማስመለስ ስምንት ወር ትጠብቃለች ማለት ነው፤ መንገደኛ እንደጠበቁት።

---

የመዝገብ ሰው

እሱን አልካድኩም። ለዚህ ምንም መልስ የለኝም።

---

ጣና ዳር

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ባንካችን በዚህ ዓመት የትርፍ ድርሻውን በገንዘብ ሳይሆን በአዲስ አክሲዮን ሰጥቶናል። አንዳንድ ጓደኞቼ 10 በመቶ ተቀነሰብን ይላሉ፤ እኔ ግን አልተቀነሰብኝም። የቱ ነው ልክ?

---

ባለ ማኅበሩ

እኛ ካፒታል ስናሳድግ ያልተከፋፈለው ትርፍ በቀጥታ ወደ ካፒታል ስለዞረ አልተቀነሰብንም። የእናንተ ባንክ ግን ድርሻውን አስቀድሞ በስማችሁ አስታውቆ ከዚያ አክሲዮን ግዙ ብሎ ከሆነ ነገሩ ይለያል የሚሉ አሉ።

---

የመዝገብ ሰው

ሁለቱ መንገዶች በወረቀት ላይ ተመሳሳይ ስለሚመስሉ በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ላይ ያለውን ቃል ሳላይ አልፈርድም። «ለባለ አክሲዮኖች ይከፈል» ይላል ወይስ «ካፒታል ይሁን» ይላል? የጓደኞችዎና የእርስዎ ውሳኔ በአንድ ዓመት ጉባኤ የተሰጠ ከሆነ፣ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ከባንኩ የአክሲዮን ክፍል ይጠይቁና እዚህ ያስፍሩልን።

---

የሰሚት ልጅ

ለሁላችሁም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ዛሬ ከወንድሜ ጋር ሄደን የ2014ን መዝገብ አየነው፤ በዚያም ዓመት 11,400 ብር ወለድ በተመሳሳይ መንገድ ተደምሯል። ማመልከቻውን ለሁለቱም ዓመት አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል ወይስ ለየብቻ?

---

የመዝገብ ሰው

ለየብቻ። ማሳወቂያው ለየዓመቱ የተለየ ስለሆነ ማስተካከያውም ለየዓመቱ ይጻፋል። ደብዳቤውን ከባንኩ በአንድ ጊዜ ለሁለቱም ዓመት ያስወጡ፤ ገንዘቡ በየዓመቱ ተለይቶ ይጻፍበት።